መዝሙር 67 ላይ ቁጥር 31 ያልተገኘው ለምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የእሑድ ጉባኤ ላይ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የዕለቱ ንባብ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ለአንዲት ወጣት ተሰጣት። ወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው፦

መዝ. ፷፯፥፴፩፤ ማቴ. ፭፥፫-፲፪፣ ፲፬፤ ፩ዮሐ. ፬፥፯-፭፥፫፤ ይሁዳ ፫

ልጅቱ የግእዝ ቁጥር ታውቃለች። ስልኳ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ መዝሙር 67ን አወጣች። ወደ ታች ብትወርድ መዝሙሩ ቁጥር 7 ላይ አለቀ። ተመልሳ ወረቀቱን አየች፣ ደግማ ስልኩን አየች። «የኔታ፣ ቁጥር 31 የለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከፊት የተቀመጡት መምህር መጽሐፍም አልገለጡ፤ «አለ እንጂ ልጄ። ‹ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር› ነው» ብለው በቃላቸው ጨረሱላት። ጉባኤው ቀጠለ። ለምን እንዳላገኘችው ግን ማንም አልነገራትም።

የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም። እሷም በትክክል ነው ያነበበችው። መምህሩም እውነት ተናገሩ። ሦስቱም ትክክል ሆነው ጥቅሱ ሳይገኝ ቀረ። ምዕራፍና ቁጥር ማንበብን ለጀማሪ ስናስተምር «መጀመሪያ የመጽሐፉ ስም፣ ቀጥሎ ምዕራፉ፣ ከዚያ ቁጥሩ» ብለን እናልፋለን። ያ እውነት ነው፣ ግን ያቺን ልጅ አላዳናትም። ስለዚህ ያን አንድ መስመር ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ላንብበው።

መጀመሪያ ልጅቱ በትክክል ያነበበችው

«መዝ.» መዝሙረ ዳዊት ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ምዕራፉ ነው፤ በዳዊት ግን ምዕራፍ አንልም፣ መዝሙር እንላለን። ከ«፥» በኋላ ያለው ቁጥሩ ነው። ይህ መለያ ምልክት በየጽሑፉ መልኩን ይለውጣል። አንዱ «፥» ያደርጋል፣ ሌላው «፡»፣ በኮምፒውተር የሚተይብ ብዙ ሰው ደግሞ የማካፈል ምልክቱን «÷» ያስገባል። የየዕለቱን ንባብ በሚዘረዝረው ግጻዌ ላይ «ም.» እና «ቁ.» ተብሎ ምዕራፍና ቁጥር በፊደል ሊጻፍም ይችላል። አራቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ከምልክቱ በፊት ያለው ምዕራፍ፣ ከምልክቱ በኋላ ያለው ቁጥር።

የግእዝ ቁጥር የሚያስፈራው ሰው ማወቅ ያለበት 19 ምልክት ብቻ ነው፦ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ በአሥር በአሥር ዘጠኝ፣ በመጨረሻም ፻። በመጽሐፍ ቅዱስ ረጅሙ መዝሙር 176 ቁጥር ነው ያለው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ጥቅስ ላይ አይገጥምህም። ንባቡ መደመር ነው፦ ፷ ስልሳ፣ ፯ ሰባት፣ ፷፯ ስልሳ ሰባት። ዜሮ የለውም። ስለዚህ ሠላሳ አንድን «፫፩» ብሎ የጻፈ ሰው የፈረንጁን አቆጣጠር በግእዝ ምልክት ጻፈ ማለት ነው፤ ትክክለኛው ፴፩ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ ካየህ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ መገመት ትችላለህ፣ ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ግን የግድ ነው። በእጅ ጽሑፍ ደግሞ ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ ሁለቱንም ቁጥር ገልጦ ማየት ያዋጣል።

ልጅቱ እስከዚህ ድረስ ምንም አልሳተችም።

ሁለት አቆጣጠር፣ አንድ ዳዊት

ችግሩ ያለው መዝሙራቱ የሚቆጠሩበት መንገድ ላይ ነው። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ፣ ማለት ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። ግሪኩ በዕብራይስጡ 9 እና 10 ተብለው የተለዩትን ሁለት መዝሙሮች እንደ አንድ ይቆጥራል። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ በዕብራይስጡ ስንኞቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው፣ ተራው ከ9 ጀምሮ በ10 ይቀጥላል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ በኋላ የግእዙ ቁጥር ከዕብራይስጡ በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። የዕብራይስጡ 11 በግእዙ 10 ይሆናል፣ 68ቱ ደግሞ 67።

ስልክ ላይ በብዛት የሚገኘው ስልሳ ስድስት መጻሕፍት ያለው እትም የዕብራይስጡን ቁጥር ይከተላል። የቤተ ክርስቲያኑ ዳዊት፣ ግጻዌውና የሊቃውንቱ ቃል የግእዙን ይከተላሉ። ጎጃም ውስጥ ዳዊት እየደገመ ያደገ ሰው በዚህ አቆጣጠር ነው የሚያስበው። ዳዊቱ 15 ንጉሥ ነው፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር። «ይትነሣእ እግዚአብሔር» ብሎ የሚጀምረው መዝሙር በሰባተኛው ንጉሥ ሰባተኛው ነው፤ 67 ማለት ለመምህሩ ይኸው ነው። መምህሩ ቁጥሩን ሳይሆን መነሻውን ይዘው ስለሚያስታውሱ ሌላ አቆጣጠር ትዝም አላላቸው ይሆናል።

እንግዲህ ልጅቱ ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ነበር፦ በ67 ላይ አንድ ደምሮ 68ን መክፈት። መዝሙር 68 ቁጥር 31 ላይ «መኳንንት ከግብጽ ይመጣሉ፤ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ይላል። ፍለጋው እዚያው ያልቅ ነበር።

እሷ በአንድ በኩል ዕድለኛ ናት። በስልኳ መዝሙር 67 አጭር ስለሆነ፣ 7 ቁጥር ብቻ ስላለው፣ 31 አለመኖሩ ወዲያው አስጠነቀቃት። ክፉው ስሕተት ራሱን የማያሳውቀው ነው። ነገሩን ገልብጠን እንየው። ወረቀቱ በዕብራይስጡ አቆጣጠር «መዝ. 68፥31» ተብሎ ቢጻፍና አንድ አባት በእጃቸው ያለውን ዳዊት ቢከፍቱ፣ የሚያገኙት «ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛል» የሚለውን መዝሙር ነው። እሱ ከ30 በላይ ቁጥር አለው። ስለዚህ በተባለው ቁጥር አካባቢ ንባብ ያገኛሉ፣ ቀንድና ሰኮና ስላበቀለ ወይፈን የሚናገር። ቁጥሩ አለ፣ ጥቅሱ ግን ሌላ ነው። እሳቸው በቃላቸው ስለሚያውቁ ይነቁ ይሆናል፤ ጀማሪ ግን ወይፈኑን አንብቦ «ይህ ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኘው?» እያለ ይቀራል፣ ወይም ምንም ሳይጠረጥር ለጉባኤው ያነበዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የሚመጣው ከአያያዝ ነው።

የያዝከው መጽሐፍ በየትኛው እንደሚቆጥር ለማወቅ አንድ መዝሙር ይበቃል፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው። 22 ላይ ካገኘኸው መጽሐፍህ የግእዙን ቁጥር ይከተላል። 23 ላይ ካገኘኸው የዕብራይስጡን። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን፣ አንዱን በቅንፍ አድርገው የሚያትሙ እትሞችም አሉ፤ እነሱ ላይ የትኛው ቁጥር በቅንፍ እንደገባ ማየት ነው። የወረቀቱን አቆጣጠር ለማወቅ ደግሞ የጻፈውን ሰው መጠየቅ ይቀላል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ሰውየው ከሌለ በሁለቱም ቁጥር ገልጠህ ከርእሱ ጋር የሚሄደውን ትመርጣለህ።

አንድ መደመር ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከ1 እስከ 8 ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ምንም አይደመርም። ከግእዙ 10 እስከ 112 ድረስ አንድ ትደምራለህ፤ ብዙው ጥቅስ የሚወድቀው እዚህ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይወላገዳል። የግእዙ 113 የዕብራይስጡን 114 እና 115 አንድ ላይ ይይዛል። የግእዙ 114 እና 115 ደግሞ በዕብራይስጡ አንድ መዝሙር ናቸው፣ 116። ከግእዙ 116 እስከ 145 እንደገና አንድ ይደመራል። የግእዙ 146 እና 147 በዕብራይስጡ አንድ ላይ 147 ናቸው፤ በዚህ ልዩነቱ ይጠፋና 148፣ 149 እና 150 ሁለቱም ዘንድ እኩል ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ጥቅሱ 9ና 10፣ ከ113 እስከ 116 ወይም 146ና 147 አካባቢ ከሆነ ብቻ ቆም ብሎ መጠንቀቅ ይበቃል፤ እዚያ የመዝሙሩ ብቻ ሳይሆን የቁጥሩም ተራ ይለወጣል።

ቁጥሩ ራሱ በአንድ ሊዛነፍ የሚችልበት ሌላም መንገድ አለ። ብዙ መዝሙሮች «የዳዊት መዝሙር» የሚል ርእስ አላቸው። አንዳንድ እትም ርእሱን ቁጥር 1 ብሎ ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ከቁጥር ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ያው «ኢትዮጵያ ታበጽሕ» በአንዳንድ መጽሐፍ ላይ 31 ሳይሆን 32 ሆኖ ይገኛል። ትክክለኛውን መዝሙር ከፍተህ የምትፈልገውን ቃል በተባለው ቁጥር ካጣኸው፣ ተስፋ ከመቁረጥህ በፊት ከላይና ከታች ያለውን ቁጥር አንብብ።

ከሰረዟ በኋላ ምን ይመጣል?

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። «ማቴ. ፭፥፫-፲፪፣ ፲፬» ማለት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ ከቁጥር 3 እስከ 12፣ ከዚያ 13ን ዘልሎ ቁጥር 14 ማለት ነው። ሰረዟ ሁለቱን ጫፎች ታካትታለች፤ 3ም 12ም ይነበባሉ፣ በድምሩ 10 ቁጥር። ጀማሪ የሚሰናከለው በመጨረሻዋ ፲፬ ላይ ነው። ምዕራፍ 14 መስላው ወደዚያ የሚገልጥ ሰው አለ። ማቴዎስ 28 ምዕራፍ ስላለው ምዕራፍ 14 ያገኛል፣ ሄሮድስና መጥምቁ ዮሐንስ ያሉበትን ታሪክ። «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» የሚለው ግን 5፥14 ነው።

መለያው ይህ ነው። ቁጥሩ አጠገብ «፥» ከሌለና ከፊቱ የቁጥር ጥቅስ ካለፈ፣ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። «፥» ካለው አዲስ ምዕራፍ ጀመረ ማለት ነው። «ማቴ. 5፥14፤ 6፥33» ሲል የመጽሐፉ ስም ሳይደገም ምዕራፉ ብቻ ተለውጧል፤ ሁለቱም ማቴዎስ ናቸው። ነጠላውን «፣» በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ ድርቡን «፤» ምዕራፍ ወይም መጽሐፍ ሲለወጥ መጠቀም ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው አይጠብቀውም፣ ስለዚህ በ«፣» እና በ«፤» ላይ ብቻ አትደገፍ። «፥» ከእነሱ ይልቅ ታማኝ ነው።

ሰረዟ ምዕራፍ ስታሻግር ደግሞ እንዲህ ትሆናለች፦ «፩ዮሐ. ፬፥፯-፭፥፫»። ከምዕራፍ 4 ቁጥር 7 ተነስተህ ምዕራፉን እስከ ቁጥር 21 ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ምዕራፍ 5ን ገብተህ ቁጥር 3 ላይ ታቆማለህ። በድምሩ 18 ቁጥር ነው። ብዙ አንባቢ 4፥7ን ያነብና ዘልሎ 5፥3ን ያነባል፣ ሁለት ጥቅስ ብቻ የተጠቀሰ መስሎት። መሐሉ እንዳለ ይቀራል፤ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የሚለው ቁጥር 8 ደግሞ ያለው እዚያ መሐል ነው።

በጽሑፍ ላይ አንዲት «፥» መዘለል ምን እንደምታደርግ ለማየት የተራራውን ስብከት እንውሰድ። «ማቴ. 5፥1-7፥29» ብትል ሦስት ምዕራፍ ሙሉ፣ 111 ቁጥር ነው። ቀጥሎ ያለውን «፥29» ረስተህ «ማቴ. 5፥1-7» ብትል ግን 7 ቁጥር ብቻ ይሆናል። «ማቴ. 5-7» ያለ ምንም «፥» ከሆነ ደግሞ ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ነው፣ ማለት ያው ስብከቱ በሙሉ። «እስከ ፍጻሜ» ወይም «ፍ.ም.» የሚል ካየህ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ማለት ነው። ከቁጥር ኋላ «ሀ» ወይም «ለ» ካየህ የቁጥሩ ግማሽ ነው፤ 31ሀ መኳንንቱ ከግብጽ የሚመጡበት፣ 31ለ ኢትዮጵያ እጆችዋን የምትዘረጋበት።

አንዲት ፊደል የምትለየው መጽሐፍ

የመጨረሻዋ «ይሁዳ ፫» ናት። «፥» የላትም። ምዕራፍ 3 ናት ብሎ የፈለገ አያገኝም፤ የይሁዳ መልእክት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ከስልሳ ስድስቱ መጻሕፍት አንድ ምዕራፍ ብቻ ያላቸው አብድዩ፣ ፊልሞና፣ 2ኛ ዮሐንስ፣ 3ኛ ዮሐንስና ይሁዳ ናቸው። በእነሱ ላይ ብቻውን የቆመ ቁጥር ቁጥር ነው፣ ምዕራፍ አይደለም። «ይሁዳ 1፥3» ብሎ የሚጽፍም አለ፣ ያው ነው።

ከስሙ ፊት ያለ ቁጥር ሌላ ነገር ነው። «፩ዮሐ.» የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ነው፤ «ዮሐ.» ብቻውን ሲቆም ወንጌሉ ነው። ፊት ያለችዋ ፩ ደብዝዛ ከቀረች አንባቢው ወንጌል ውስጥ ይገባል፣ ዮሐ. 4፥7 ላይ ሳምራዊቷን ሴት በጉድጓዱ አጠገብ ያገኛል፤ ጥቅሱ ስላለ ስሕተቱ አይታወቀውም። በነገሥት ላይ ይህ ይብሳል። የግእዙ አቆጣጠር ሳሙኤልንና ነገሥትን አንድ ላይ አራት መጻሕፍተ ነገሥት አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ በቆየ ጽሑፍ ላይ «፫ነገ.» ብታይና መጽሐፍህ ሦስተኛ ነገሥት ባይኖረው፣ በአንተ እትም አንደኛ ነገሥት የሚባለው ነው። «፩ነገ.» ደግሞ እንደ ጸሐፊው ልማድ አንደኛ ሳሙኤል ሊሆን ይችላል፤ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ፈልገህ ምዕራፍ 17 ላይ የሳራፕታዋን መበለት ካገኘህ ምክንያቱ ይህ ነው።

አኅጽሮቶቹን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስህ መግቢያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝራቸው አለ። ዓይንህን ማሠልጠን ያለብህ በጣም የሚቀራረቡት ላይ ነው። «መሳ.» መሳፍንት ነው፣ «ምሳ.» ምሳሌ። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ፊደል ግእዝና ሳድስ መሆኗ ብቻ ነው። «ኢያ.» ኢያሱ፣ «ኢዮ.» ኢዮብ፣ «ኢዩ.» ኢዩኤል። «ዕዝ.» ዕዝራ፣ «ሕዝ.» ሕዝቅኤል። «ቆሮ.» ቆሮንቶስ፣ «ቆላ.» ቆላስይስ። «ፊል.» ብቻ ብሎ የሚተው ሰው ግን አንባቢውን ያስቸግራል፤ ፊልጵስዩስም ፊልሞናም ሊሆን ይችላልና «ፊልጵ.» ወይም «ፊልሞ.» ብሎ መለየት ይገባል። እርግጠኛ ካልሆንክ ቁጥሩ ይፈርድልሃል። ምሳሌ 31 ምዕራፍ አለው፣ መሳፍንት 21። ስለዚህ «መሳ. 25» የሚል ካገኘህ ጸሐፊው ምሳሌን ማለቱ ነበር።

ለሌላ ሰው ጥቅስ ጽፈህ የምትሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ከዳዊት ከሆነ፣ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍለት፦ መዝ. ፷፯(፷፰)፥፴፩። ቦታ ከተረፈህ የጥቅሱን የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቃል ከጎኑ ጨምርለት። ዳዊቱን የያዘውም ስልኩን የያዘውም እኩል ያገኘዋል።